«አወቁት» ለምን ብቻውን ቆመ?

«ጋሼ፣ የሁለተኛ ዓመት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ አንድ አንቀጽ ይሰጠንና ‹በቃላት ምርጫ፣ በዓረፍተ ነገር ርዝመትና በድምፀት ረገድ ተንትኑ› እንባላለን። አንቀጹ ይገባኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ። መምህሬ ግን ሁልጊዜ ‹ደግመሽ ነገርሽኝ እንጂ አልተነተንሽም› እያለ ከሃያው ስምንት፣ ዘጠኝ ይሰጠኛል። የዓረፍተ ነገር ርዝመትማ ‹አጭር ነው፣ ረጅም ነው› ከማለት ሌላ ምን እንደሚባልበት አላውቅም። ድምፀቱንም ሁሌ ‹አሳዛኝ› እያልኩ ነው የምጽፈው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ላድርግ?»

ግራ የገባት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ ከምክር በፊት አንድ አንቀጽ ልስጥሽ። ለዚህ ዓምድ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ የትም መጽሐፍ ውስጥ አታገኚውም። የጣና ሐይቅ አጠገብሽ ስለሆነ ዘጌንም፣ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል የሚሠራውን ታንኳም ታውቂያቸዋለሽ። መጀመሪያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ድምፅሽ የት እንደሚሮጥና የት ቀጥ እንደሚል ልብ በይ።

«አባ ታፈረ ሌሊት ተነሥተው፣ ፊታቸውን በሐይቁ ውኃ ታጥበው፣ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ያሳደሯትን ታንኳ በትከሻቸው ገፍተው ወደ ውኃው አስገብተው፣ እንጨቱን አንድ በአንድ ደርድረው፣ በገመድ አስረው፣ ገመዱን ደግመው ስበው አይተው፣ ወደ ባሕር ዳር ቀዘፉ። ሐይቁ ተኝቷል። ከኋላቸው ዘጌ ጠቆረች፤ ከፊታቸው የከተማው መብራት ተንጠባጠበ። ደንገሉ ውኃ ጠጥቷል። አወቁት። ታንኳዋ እንደ ድሮው አልቀለለችም፤ እሳቸውም እንደ ድሮው አልበረቱም። ‹ዛሬን ብቻ አድርሺኝ› አሏት። ወደቡ ላይ ነጋዴው እንጨቱን በዓይኑ መዘነና ከትናንቱ ዋጋ ግማሹን ጠራ።»

አሁን የተለመደውን የተማሪ መልስ እንየው። «አባ ታፈረ ሌሊት ተነሥተው ታንኳቸውን አዘጋጅተው እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። ይህም ታታሪ ሰው መሆናቸውን ያሳያል። ነጋዴው ግን ልፋታቸውን ሳያይ በርካሽ ሊገዛቸው ፈለገ። አንቀጹ አሳዛኝ ነው።» እዚህ መልስ ውስጥ አንድም ስህተት የለም። ሁሉም እውነት ነው። ነጥብ የሌለው ለምን ይመስልሻል? የሚያወራው ስለ አባ ታፈረ ነው። የተጠየቅሽው ግን ስለ አጻጻፉ ነው።

«ያሳያል» የምትለው ቃል ብዙ ተማሪ ታታልላለች። «ይህም ታታሪነታቸውን ያሳያል» ስትዪ የተነተንሽ ይመስልሻል። ነገር ግን ማን ነው ያሳየው? ድርጊቱ ነው፤ ቃሉ አይደለም። እዚህ ላይ ቀላል መፈተኛ አለልሽ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ በኋላ እንዲህ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ጎረቤቴ ይህንኑ ታሪክ በራሷ አፍ፣ በሌላ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ እችል ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ደግመሽ ነግረሻል ማለት ነው። የአባ ታፈረን ታታሪነት ከጎረቤትሽም ወሬ ትረጂው ነበር። «አወቁት» የሚለው ቃል ብቻውን መቆሙን ግን ከዚህ አንቀጽ በቀር ከየትም አታገኚውም። ነጥብ ያለው እሱ ላይ ነው።

ከቃላት ምርጫ እንጀምር። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከባድ ወይም ያጌጠ ቃል ነው። ካጣ ደግሞ «ደራሲው ቀላል ቃላት ተጠቅሟል» ብሎ ያልፋል። እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው፤ ሊተካ ይችል የነበረውን ቃል ፈልጊ። ደራሲው ሌላ ቃል ማስገባት እየቻለ ይኼኛውን የወሰደበት ቦታ የት ነው?

«ያሳደሯትን ታንኳ» የሚለውን ተመልከቺ። «ያቆሟትን ታንኳ» ማለት ይቻል ነበር። «ያስቀመጧትን»ም ይሆናል። ሦስቱም ያው አንድ ሥራ ነው የሚነግሩን፤ ታንኳዋ ሌሊቱን ድንጋይ ተደግፋ ነበር። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ዕቃ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ሰው ነው፣ ከብት ነው። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «አሳድሩኝ» ይላል። በዚያች አንዲት ቃል ታንኳዋ ከዕቃ ተርታ ወጥታ ቤተኛ ሆነች። ተራኪው «ታንኳቸውን ይወዷታል» አላለም። አላስፈለገውም። ወረድ ብለሽ ደግሞ «ዛሬን ብቻ አድርሺኝ» የሚል ልመና ታገኛለሽ። ለዕቃ የሚነገር ንግግር አይደለም። ሁለቱ ቦታዎች ሲገጣጠሙ አስተያየትሽ በሁለት እግሩ ይቆማል።

ይህን መተካት የምንለውን ሥራ ወረቀቱ ላይ ስትጽፊው አጭር ይሁን። «‹ያስቀመጧትን› በማለት ፋንታ ‹ያሳደሯትን› በማለቱ ታንኳዋ እንደ ቤተኛ ትታያለች» ብትዪ ይበቃል። የተመረጠው ቃል አለ፣ የተተወው አለ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አለ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዓረፍተ ነገሩ ይላላል። በተለይ የሚረሳው የተተወው ቃል ነው። «‹ያሳደሯትን› የሚለው ቃል ፍቅርን ያሳያል» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አራሚሽ «እንዴት?» ብሎ ጠርዙ ላይ ይጽፍብሻል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ታንኳዋ በሴት አንቀጽ ተጠርታለች፤ ያሳደሯት፣ አልቀለለችም፣ አሏት። አማርኛችን ትንሽ ወይም የተወደደን ነገር በሴት ይጠራል። ስለዚህ «የሴት አጠራሩ ቅርበትን ያሳያል» ብትዪ ያስኬዳል። ግን «ዘጌ ጠቆረች»ም በሴት ነው። ተራኪው ዘጌንም ይወዳታል ልትዪ ነው? አይሆንም። የቦታ ስም በሴት መጥራት የተለመደ ነው፤ ጎንደርም ጎጃምም እንዲሁ ይጠራሉ። አንድ የቋንቋ ባሕርይ እንደ ማስረጃ የሚያገለግለው ሌላ ምርጫ ሲኖር ነው። «ታንኳው አልቀለለም» ማለት ይቻል ነበር፤ ስለዚህ «ታንኳዋ» ምርጫ ነው። «ዘጌ ጠቆረ» ግን ለጆሮ አይመችም፤ ስለዚህ «ጠቆረች» ብዙ አያስወራም። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ተማሪ ወረቀቱ ከሌላው ይለያል።

ወደ ዓረፍተ ነገር ርዝመት እንምጣ። ያስቸገረሽ እሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ቃላቱን ቁጠሪያቸው። በተራ ሲቀመጡ 32፣ 2፣ 7፣ 3፣ 1፣ 8፣ 4፣ 10 ናቸው። አንዳንዱ ተማሪ እነዚህን ደምሮ ለስምንት ያካፍልና «አማካይ ርዝመቱ ስምንት ቃል ገደማ ነው፤ ስለዚህ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተጠቅሟል» ይላል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ትንታኔው ግን ጠፋ። ዋናው ነገር ተራው ላይ ነው። ከ32 በኋላ 2 መጣ። ከ3 በኋላ 1። አንባቢ የሚሰማው ይህን ከፍታና ዝቅታ ነው። ስለዚህ በልብሽ ቁጠሪ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስለ መገናኛው ጻፊ። ረጅሙ የት ተቆረጠ? የቆረጠው ምንድን ነው?

ቁጥሩም ራሱ በአማርኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ መማሪያ ላይ «ከዚህ ቃል በታች አጭር፣ ከዚህ በላይ ረጅም» የሚል ልክ አይተሽ ይሆናል። ለኛ አይሠራም። የኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በውስጡ ይይዛል። «አወቁት» አንድ ቃል ነው፤ ግን ያወቀውም የታወቀውም እዚያው ውስጥ አሉ። ስለዚህ አጭርና ረጅም የምትዪው በዚያው አንቀጽ ውስጥ ካሉት ጋር እያነጻጸርሽ ይሁን።

አሁን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንፍታው። ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ብቻ ነው፤ «ቀዘፉ»። ከእሱ በፊት ያሉት፣ ከ«ያሳደሯትን» በቀር፣ ሁሉ ቦዝ አንቀጽ ናቸው፤ ተነሥተው፣ ታጥበው፣ ገፍተው፣ አስገብተው፣ ደርድረው፣ አስረው እያለ ይወርዳል። ቦዝ አንቀጽ ማሰር አይችልም። አንባቢን «ከዚያስ?» እያሰኘ ወደፊት ይገፋዋል። «ታጥበው» ላይ ማረፍ አትችዪም፤ «አስረው» ላይም አትችዪም። «ቀዘፉ» ላይ ስትደርሺ ነው ትንፋሽ የምታገኚው። አባ ታፈረም የሚያርፉት እዚያው ነው፤ መሬት ላይ ያለው ልፋት ያልቃል፣ ታንኳዋ ውኃው ላይ ናት። የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽና የሰውዬው ጠዋት አብረው ይሄዳሉ።

ይህን ለማረጋገጥ ሰብረሽ ሞክሪው። «አባ ታፈረ ሌሊት ተነሡ። ፊታቸውን ታጠቡ። ታንኳዋን ገፉ። እንጨቱን ደረደሩ።» አየሽ? ታሪኩ አልተለወጠም። ግን እያንዳንዱ ሥራ ብቻውን ቆመ፣ የቀጠለው ድካም ተበታተነ፣ እንዲያውም የምዝገባ ወረቀት መሰለ። የዓረፍተ ነገር ርዝመት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ስትፈልጊ ረጅሙን መስበር፣ አጭሩን ማገጣጠም ነው። ከዚያ ምን እንደጎደለ ትጽፊያለሽ።

አደራ፣ «ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለተጠቀመ አሰልቺነትን ያሳያል» የሚል የተቀመረ መልስ አትጻፊ። ቦዝ እየቀጠሉ ማርዘም የአማርኛ የዘወትር ልማድ ነው፤ አያትሽም ተረት ስትነግርሽ እንዲሁ ነው የምትቀጥለው። ርዝመት ብቻውን ትርጉም የለውም። እዚህ ትርጉም ያገኘው ውስጡ ያሉት አብዛኞቹ ግሶች የእጅና የትከሻ ሥራ ስለሆኑ፣ ደግሞም ቀጥሎ ባለ ሁለት ቃል ዓረፍተ ነገር ስለመጣ ነው።

አጭሩም ላይ ያው ነው። ብዙ ተማሪ «አጭር ዓረፍተ ነገር ድንጋጤን ያሳያል» ብሎ ሸምድዷል። «ሐይቁ ተኝቷል» አጭር ነው፤ ድንጋጤ አለበት? የለበትም። ከረጅሙ ሥራ በኋላ የመጣ ጸጥታ ነው፤ ትንፋሽ ያስወስዳል። «አወቁት»ም አጭር ነው፤ እሱ ግን ትንፋሽ ይነጥቃል። ሁለቱም አጭር ሆነው ሥራቸው ለየቅል ነው። ልዩነቱ የመጣው ከጎናቸው ካለው ነው። «ሐይቁ ተኝቷል» ከልፋት በኋላ መጣ። «አወቁት» ደግሞ «ደንገሉ ውኃ ጠጥቷል» ከሚል መጥፎ ወሬ በኋላ።

እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የአንቀጹ ማጠፊያ እሷ ናት። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፤ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ማድረቁም አያዋጣም። ድንጋይ ላይ ተደግፋ ያደረችውም ለዚሁ ነበር። «ተኝቷል» እና «ጠጥቷል»ን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጫቸው። መጨረሻቸው አንድ ነው፣ ድምፃቸውም ይመሳሰላል፣ ሁለቱም የሕያው ፍጡር ሥራ ናቸው። የመጀመሪያው አባበለን፤ ሁለተኛው በዚያው ለስላሳ ድምፅ አደጋውን ይዞ ገባ። ከዚያ «አወቁት»።

ምኑን ነው ያወቁት? «ት» የምትለው ተሳቢ ወደ ኋላ ተመልሳ ደንገሉ ውኃ መጠጣቱን ትይዛለች። ግን ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር «እሳቸውም እንደ ድሮው አልበረቱም» ሲል ያ «ት» ይሰፋል። ያወቁት የታንኳዋን ማርጀት ብቻ ነው ወይስ የራሳቸውንም? አንቀጹ አይመልስም። አንቺም አትመልሺለት። «ሁለቱንም እንድናስብ ክፍት ይተወዋል» ብለሽ ጻፊ። ከፋፍለሽ «ያወቁት እርጅናቸውን ነው» ብለሽ ብትቆርጪ ጽሑፉ ያልሰጠሽን ወሰድሽ።

አሁን ድምፀት። «አሳዛኝ» የምትዪው ለምን ነጥብ እንደማያመጣ ልንገርሽ። ድምፀት ማለት ተራኪው ለሚያወራው ነገርና ለሰዎቹ ያለው አቋም ነው። አንቺ ያዘንሽው የአንቺ ስሜት ነው። አባ ታፈረ ቢያዝኑ ያ የገጸ ባሕርዩ ስሜት ነው። የሌሊቱ ጸጥታና ጨለማ ደግሞ ድባብ ነው። አራቱን የሚያምታታ ተማሪ በጣም ብዙ ነው። ተራኪው ራሱ በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድም ጊዜ አላለቀሰም። «ምስኪኑ» አላለም። «አዘኑ»፣ «ፈሩ»፣ «ወይ ጉድ» የሚል ቃል የለም። ስለዚህ «ድምፀቱ አሳዛኝ ነው» ስትዪ ከጽሑፉ የምትጠቅሺው ታጫለሽ።

ድምፀትን ለመያዝ ተራኪው ሰዎቹን እንዴት እንደሚጠራቸው እይ። በአማርኛ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ ግስ ላይ ተጽፎልሻል። አባ ታፈረ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንቱታ ነው የሚጠሩት፤ ተነሥተው፣ ቀዘፉ፣ አወቁት፣ አሏት። ነጋዴው ግን «መዘነ»፣ «ጠራ»። አንቱታው አክብሮት ነው ማለት ትችያለሽ። ነጋዴውን ግን «አንተ» ስላለው ብቻ «ይንቀዋል» አትበዪ። ወጣት ነጋዴ በተለመደው አነጋገር እንዲሁ ይጠራል፤ ማስረጃው ለብቻው ቀጭን ነው። ከ«በዓይኑ መዘነ» ጋር ስታጣምሪው ግን ይወፍራል። አባ ታፈረ እንጨቱን አንድ በአንድ በእጃቸው ደርድረዋል። ነጋዴው በዓይኑ ብቻ ጨረሰው። «በእጅ» እና «በዓይን» መካከል ያለው ርቀት ነው ድምፀቱን የሚቀይረው።

ከዚያም የተተወውን እይ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢና አባ ታፈረን ፈልጊያቸው። የሉም። ወደብ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ እንጨት አለ፣ ዋጋ አለ። አንቀጹን ሙሉ ስንከተላቸው የነበሩት ሰው «እንጨታቸውን» በሚል ቅጥያ እንኳ አልተጠቀሱም፤ «እንጨቱን» ነው የሚለው። ቃላቱም የገበያ ቃላት ሆኑ፤ መዘነ፣ ዋጋ፣ ጠራ። ምሬት የሚል ቃል ሳይገባ ተራኪው ቀዘቀዘ። አንቀጹም እዚያው አለቀ፤ አስተያየት የለም፣ የአባ ታፈረ መልስ የለም።

ስለዚህ ድምፀቱን በአንድ ቃል ለመሰየም አትጣደፊ። ሁለት ቃል አጣምሪ፤ ቢቻል አንዱ ሌላውን የሚገድብ ይሁን። «አክብሮት ያለው፣ የታመቀ ሐዘን» ብትዪ «የታመቀ» የምትለዋ ጥሩ ሥራ ትሠራለች፤ ሐዘኑ እንዳለ ግን እንዳልተነገረ ትናገራለች። ደግሞ ድምፀት መሀል ላይ ሊለወጥ ይችላል። የተለወጠበትን ቦታ በጣትሽ ማሳየት ከቻልሽ ብዙ ተማሪ የማይደርስበት ላይ ደርሰሻል።

ሦስቱን በሦስት ክፍል ከፋፍሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ አንደኛ የቃላት ምርጫ፣ ሁለተኛ ርዝመት፣ ሦስተኛ ድምፀት። ፈተናው በግድ ካላዘዘሽ አታድርጊው። እንደዚያ ሲከፈል ርዝመቱ ሁልጊዜ ባዶ ይቀራል፤ «ረጅምና አጭር ቀላቅሏል» ተብሎ ያልቃል። ይልቅ ማጠፊያዋን ያዢና ሦስቱንም እዚያ አገናኚ። ቃሉና ርዝመቱ ማስረጃ ናቸው፤ ድምፀቱ ከእነሱ የምትደርሺበት መደምደሚያ ነው። እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ተራኪው አባ ታፈረን የሚያስተዋውቀን በሥራቸው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከ‹ተነሥተው› እስከ ‹አይተው› ቦዝ አንቀጾችን እየቀጠለ ማሰሪያውን ‹ቀዘፉ›ን እስከ መጨረሻ ያዘገየዋል፤ አንባቢም ልፋቱን ሳያርፍ አብሮ ያልፈዋል። በዚህ መሀል ‹ያስቀመጧትን› ሳይሆን ‹ያሳደሯትን› በማለቱ ታንኳዋ ከዕቃነት ወደ ቤተኛነት ትቀርባለች፤ ‹ዛሬን ብቻ አድርሺኝ› የሚለው ልመናም ይህን ያጸናዋል። ‹ደንገሉ ውኃ ጠጥቷል› ካለ በኋላ ባለ አንድ ቃሉ ‹አወቁት› የመጀመሪያውን የተቀጣጠለ አካሄድ ይበጥሰዋል። ተራኪው ፈሩም አዘኑም አይልም፤ ያወቁት የታንኳዋን ማርጀት ይሁን የራሳቸውን ክፍት ይተወዋል። በዚህም ድምፀቱ አክብሮት ያለው የታመቀ ሐዘን ይሆናል። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ‹መዘነ›፣ ‹ዋጋ› እና ‹ጠራ› የሚሉ የገበያ ቃላት ሲመጡ አባ ታፈረ ራሳቸው ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋሉ፤ ድምፀቱም ይቀዘቅዛል።»

አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። አንቺ ሁለት ገጽ ትጽፊያለሽ። ምን እንደተውኩ ደግሞ እይ። «ተንጠባጠበ» ቆንጆ ቃል ነው፤ መብራቱን ከሐይቁ ጋር ያገናኘዋል። «ውኃ» ሦስት ጊዜ መመላለሱም ያስወራል፤ መጀመሪያ ታጠቡበት፣ ከዚያ ገቡበት፣ በመጨረሻ ታንኳዋን አከበደባቸው። ሁለቱንም ተውኳቸው፤ ወደ «አወቁት» በቀጥታ አይወስዱኝም። ያየሽውን ሁሉ መጻፍ የለብሽም። ስለ እምቦጭ፣ ስለ ሐይቁ ብክለት፣ ስለ እንጨት ነጋዴዎች ጭካኔ የምታውቂውንም እዚህ አታምጪ። አንቀጹ ውስጥ የለም፤ አራሚሽ ቢስማማበትም ነጥብ ሊሰጥበት አይችልም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ 40 ደቂቃ ከተሰጠሽ 10ሩን ብዕር ሳታነሺ አንብቢ። በመጀመሪያ ንባብ ታሪኩን ያዢ። በሁለተኛው በከንፈርሽ ብቻ እያነበነብሽ ድምፅሽ የሚቀየርበትን ቦታ አስምሪበት። ከዚያ 5 ደቂቃ ለምርጫ፤ አንድ ማጠፊያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃል፣ ድምፀቱን የሚሰይሙ ሁለት ቃላት ጠርዙ ላይ አስቀምጪ። 20ው ለመጻፍ ይበቃል። የቀረው 5 ደቂቃ ለዚያች የጎረቤት ጥያቄ ነው፤ መልሱ «አዎ» የሆነበት ዓረፍተ ነገር ካገኘሽ ሰርዢው፤ ወይም ከአንቀጹ አንድ ቃል ጨምሪለት።

ለሦስቱ ሳምንት በየቀኑ አዲስ አንቀጽ አትፈልጊ። በሳምንት ሁለት ይበቃሻል። የመጀመሪያውን ቀን ያለ ሰዓት ሥሪው፤ ቃል ተኪ፣ ረጅሙን ስበሪ፣ አጭሩን ገጣጥሚ። በማግሥቱ ያንኑ አንቀጽ በ40 ደቂቃ ጻፊ። ከዚያ በቀለም እስክሪብቶ ከአንቀጹ የጠቀስሻቸውን ቃላት ሁሉ ወረቀትሽ ላይ አስምሪባቸው። ቀለም ያልነካው አራት መስመር በተከታታይ ካየሽ ድጋሚ ትረካ የገባው እዚያ ነው። የመምህርሽን የድሮ እርማቶችም አውጪና በዚሁ ቀለም እለፊባቸው፤ ስምንትና ዘጠኝ የሰጠበት ምክንያት ራሱ ቁልጭ ብሎ ይወጣልሻል። ከእኔ አንቀጽ ላይ ደግሞ አንድ ሥራ ትቼልሻለሁ፤ በ«አልቀለለችም» እና በ«አልበረቱም» የሚያልቁት ሁለቱ ሐረጎች ጎን ለጎን ለምን እኩል አራት አራት ቃል ሆኑ? ግማሽ ገጽ ጻፊና ላኪልኝ፤ አርሜ እመልስልሻለሁ።